ለሲኒየር እድገት የሚጻፈው ማጠቃለያ

«ለሲኒየር ኢንጂነር እድገት ማጠቃለያ ጻፍ ተባልኩ። የሠራሁትን ሁሉ ልዘርዝር?»

አይ ወንድሜ። እኔ መጀመሪያ የጨረስኳቸውን 30 ምናምን ቲኬቶች ደርድሬ አስገባሁና ውድቅ ሆነ፤ ታታሪነቴን እንጂ ሲኒየርነቴን አያሳይም ነበር። በሁለተኛው ዙር አንዱን ሥራ መርጬ በሰፊው ጻፍኩት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የክፍያ ጥያቄው በድጋሚ ይላክና ደንበኛው ሁለቴ ይቆረጥበት ነበር። ማንም ሳያዘኝ ችግሩን እንዳገኘሁት፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ እንዲኖር ለምን እንደወሰንኩ፣ የትኛውን አማራጭ እንደተውኩ፣ የሞባይልና የፋይናንስ ቡድኖቹን እንዴት እንዳስማማሁ ጻፍኩ። ከዚያ ውጤቱን፦ በወር 40 ገደማ የነበረው ቅሬታ ወደ 2 ወረደ።

«ተሳትፌያለሁ» የሚለውን ቃል አውጣው፣ ድርሻህ የቱ እንደሆነ አይናገርም። የቡድኑን ሥራ ግን የራስህ አታስመስል፤ ግምገማው ላይ የሚከራከርልህ ማናጀርህ ነው፣ አንዲት ጥያቄ ከመጣችበት ጉድ ይፈላል።