ጥያቄና መልስ፦ አይቶ የሄደው ደንበኛ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የሴቶች ልብስ ቤት ከፍቻለሁ። የሽያጭ ፈነል ሲባል እሰማለሁ። ከእኔ ሱቅ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ቀሚስ እንውሰድ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፍሽው እንበል። በሳምንት 600 ሰው አየው። 40ው ዋጋ ጠየቀ፣ 12ቱ ሱቅ መጡ፣ 8ቱ ለኩት፣ 2ቱ ገዙ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ፈነል የሚሉት ይህንን ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ መንገድ ነው። መቀነሱ ያለ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ያለወትሮው የቀነሰበትን ቦታ ነው። ለዚህ ደግሞ የራስሽን ያለፉ ሳምንታት ተመልከቺ፤ የሌላ ሱቅ ቁጥር አይጠቅምሽም።

አስተያየት፦ እኔ ማስታወቂያ ጨምሪ ነው የምላት። የሚያይ ሲበዛ የሚገዛም ይበዛል።

መልስ፦ ታች ያለው ደህና ከሆነ ልክ ነህ። እዚህ ግን ከለኩት 8 ሰዎች 6ቱ ሳይገዙ ወጥተዋል። ማስታወቂያ ብትጨምር ተጨማሪ ሰው ለክቶ ይወጣል። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ዋጋ ጠይቀው ዝም የሚሉ ከበዙ ዋጋውን ወይም የመልሱን መዘግየት ጠርጥሪ። መጥተው ሳይለኩ የሚመለሱ ከበዙ፣ ልብሱ ከፎቶው ጋር አልገጠመ ይሆናል። ለክተው ከተዉት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የልብሱ ሳይዝ ነው፤ የመልበሻ ክፍሉ መብራትም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔዎቹማ ለክተው «ዞር ብዬ እመጣለሁ» ይላሉ። ቅናሽ ላድርግ?

መልስ፦ ወዲያው አትቀንሺ። ሳይዙ ለጠበባት ሴት 200 ብር ብትቀንሺላት ቀሚሱ አይሰፋም። «ዞር ብዬ እመጣለሁ» ያለችሽ ደግሞ እያወዳደረች ሊሆን ይችላል፤ ተመሳሳዩ ቀሚስ ጎረቤት ሱቅም ሊኖር ይችላል። ከመውጣቷ በፊት «ሳይዙ ነው ወይስ ቀለሙ?» ብለሽ ጠይቂና መልሷን ጻፊው። ሳይዙ ከሆነ፣ ፈቃደኛ ከሆነች ስልክ ቁጥሯን ያዢና ልኳ ሲገባ ፎቶ ላኪላት። ብሩ ካነሳት ደግሞ እስከ ማታ ላስቀምጥልሽ በያት። የስድስቱን መልስ ስታዪ የሚደጋገመው ይታይሻል። እሱን ብቻ አስተካክይ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

ጥያቄ፦ እኔ መርካቶ በጅምላ ነው የምሸጠው። መልበሻ ክፍል ልሥራ ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ ለእርስዎ አይደለም። የእርስዎ ገዢ ነጋዴ ነው። ናሙና ያያል፣ ጥቂት ይወስዳል፣ ከተሸጠለት ይመለሳል። ለሁለተኛ ጊዜ ስንቱ እንደተመለሰ ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ዋጋውን ቻናሉ ላይ ልጻፍ ወይስ «በኢንቦክስ» ልበል?

መልስ፦ ብትጽፊው ይሻላል ባይ ነኝ። ጠያቂው ከ40 ሊወርድ ይችላል፤ የሚመጣው ግን ብሩን አስቦ ይመጣል። ስለዚህ የገዛውን ቁጠሪ። ሁለት ሳምንት እንዲህ፣ ሁለት ሳምንት እንዲያ ሞክሪው። የበዓል ሰሞን ግን አታወዳድሪ፤ ያኔ ገበያው ራሱ ይለወጣል።

አስተያየት፦ እኔ ስጽፍ ጎረቤቴ አይቶ 50 ብር ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም።

መልስ፦ ዕቃችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ እውነትህን ነው፤ ለዚያ ጥሩ መፍትሔ አላገኘሁም። እሷ ጋ ብቻ ላለው ልብስ ግን አሁንም ጻፊ እላታለሁ።