ወሬ የያዘ ቡድን ውስጥ እንዴት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት አምስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሄጄ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ምን አጥፍቼ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቆምክበት ቦታ ነው። ቆመው የሚያወሩ ሰዎች ሳያስቡት ክብ ይሠራሉ፤ መሀሉ ባዶ ይተውና ሁሉም ወደዚያ ይዞራሉ። አዳም ኬንደን የተባለ ተመራማሪ ይህን አቋቋም በፊልም እየመረመረ አጥንቶታል። በክቡ መስመር ላይ ያለው የወሬው ባለቤት ነው፤ ከመስመሩ ወደ ኋላ የቀረው ግን ቢሰማም ተመልካች ነው። አንተ የቆምከው እዚያ ስለሆነ አንዱን የምትጠብቅ ወይም አላፊ ትመስላቸዋለህ።

ከመጠጋትህ በፊት እግራቸውን እይ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የጫማቸው ጫፍ እርስ በርስ ከተያየ እለፋቸው፤ ወሬው የሁለቱ ነው። ክቡ የሆነ ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ ከተከፈተ በዚያ በኩል ግባ፤ ምርጫ ካለህ ደግሞ ከሚናገረው ሳይሆን ከሚያዳምጠው ሰው ጎን። ከጀርባ አትምጣ፤ ቢያንስ አንዱ ስትመጣ ይይህ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀርህ ቆም በልና ዓይንህን ተናጋሪው ላይ አድርግ። ጎንህ ያለው ሰው ግማሽ እርምጃ ሸሸት ካለ ወይም ትከሻውን ከከፈተልህ ቦታው ያንተ ነው፤ ወዲያው መስመሩ ላይ ግባ። ዓይኑ ብቻ ዞሮ እግሩ ካልተነቃነቀ ግን ሰላም አለህ እንጂ አላስገባህም። አንገትህን ነቅነቅ አድርገህ እለፍ፤ በእኔ ግምት ከአንድ ደቂቃ በላይ መጠበቅ ነው የሚያሳፍረው።

ጥያቄ፦ ገብቼ ቆሜያለሁ እንበል። ዝም የሚሉበትን ጊዜ ስጠብቅ ርዕሱ ይቀየርብኛል። መቼ ነው የምናገረው?

ዝምታ አትጠብቂ፣ አይመጣም። በ2009 ታትሞ የወጣ 10 ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 0.2 ሴኮንድ ነው። ይህ ሊሆን የሚችለው አድማጩ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ገምቶ ስለሚዘጋጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ተራ አዳምጪ፣ ሲስቁ አብረሽ ሳቂ። ከዚያ የተናጋሪው ድምፅ ሲወርድ፣ ሲያወራበት የነበረው እጁ ሲያርፍ ጠብቂ።

የመጀመሪያው ንግግርሽ አጭር ይሁን፤ አሁን ከተባለው ላይ የተነሳ ጥያቄ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ለምሳሌ ስለ ቤት መቀየር እያወሩ አንዷ «ዕቃው በሁለት ዙር ነው የተጫነው» ብትል፣ «በሁለት ዙር? አልጋው ነው ያስቸገረው?» በያት። መልሱን ትሰጥሻለች፣ ወሬው ሳይቆም አንቺም ገባሽ። «ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» ብትያቸው ግን ሁሉም ቆመው ላንቺ ከመጀመሪያው ሊተርኩ ነው። የራስሽን የቤት ቅያሪ ታሪክ ማምጣትም ቆይቶ ይደርሳል።

አንድ አባል፦ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው? «ሰላም፣ እገሌ እባላለሁ» ብሎ እጅ መዘርጋት ነው።

ወሬው ገና ሲጀመር ወይም አንድ ርዕስ ሲያልቅ ልክ ነህ፣ ከዚያ የተሻለ የለም። ታሪክ መሀል ላይ ግን እጅ ስትዘረጋ አምስቱም ተራ በተራ ስማቸውን ሊነግሩህ ነው፣ ተራኪው የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ስምህን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ንግግርህ ላይ ጎንህ ላለው ሰው ዝቅ አድርገህ ንገረው።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። ስናወራ እየመጡ የሚደነቀሩ አሉ፤ እንዴት ላባርራቸው?

ጥያቄው ሌላ ነው፣ ግን መልሱ እዚያው አለ። ወሬው የግል ከሆነ እግርዎን አያንቀሳቅሱ፣ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ወሬዎ ይመለሱ፤ ብዙው ሰው ይገባዋል። የማይገባው «ይቺን እንጨርስና እንመጣለን» ይባላል። የግል ካልሆነ ግን ግማሽ እርምጃ ሸሸት ይበሉና «ስለ ቤት መቀየር እያወራን ነበር» ይበሉት። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተባለች እንግዳው ለመግባት ሲል መሀል ላይ ያቋርጥዎታል።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ከሆነስ?

ይከብዳል፤ ወንበር ግማሽ እርምጃ አይሸሽም። ከአራት በላይ ሲሆኑ ወሬው ለሁለት መከፈል ስለሚወድ፣ ከሁለቱም ወሬ ውጪ የቀረውን ሰው ፈልገህ አጠገቡ ተቀመጥ፤ መጀመሪያ ከእሱ ጋር አውራ።

ሌላ አባል፦ ሳይጠይቁ መቀመጥ ድፍረት ነው። «ሰው አለው?» ማለት ግድ ነው።

ጎን ላለው ሰው ብቻ ቀስ ብሎ ከሆነ እስማማለሁ። ጠረጴዛውን ሁሉ መጠየቅ ግን ወሬውን ያስቆመዋል።

ያው አባል፦ ቢያስቆመውስ? እኔ ሳልጠየቅ የሚቀመጥብኝን አልወድም።