ላሽ ወይስ ቆረቆር?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የሰባት ዓመት ልጄ ጭንቅላት ላይ አንድ ክብ ቦታ ፀጉሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሙልጭ ብሎ ረገፈ። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ አያሳክከውም። እናቴ ‹ቆረቆር ነው› ትላለች፣ ጎረቤቶች ደግሞ ‹ላሽ ነው› አሉኝ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው?»

መልስ፦ አይደሉም። በአፍ ግን ይምታታሉ፤ ሁለቱንም «ላሽ» የሚል ሰው ሞልቷል። በሕክምናው አማርኛ «ላሽ» የሚባለው አሎፔሺያ አሪያታ ሲሆን «ቆረቆር» የራስ ቆዳ ፈንገስ ነው። እኔም ልዩነቱ ቢጠበቅ እወዳለሁ፤ አንዱ ይጋባል፣ ሌላው አይጋባም፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

እርስዎ «ረገፈ» ብለዋል። ለላሽ የሚስማማው ግስ ይኸው ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን የፀጉር ሥር ያጠቃና ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቦታው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ቅርፊት የለው፣ ቁስል የለው። ጠርዙን በደንብ ብርሃን ጠጋ ብለው ይዩት፤ ጫፋቸው ወፈር ብሎ ወደ ቆዳው የሚቀጥኑ አጫጭር ፀጉሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ቅርጻቸው ትእምርተ አንክሮን (!) ስለሚመስል ሐኪሞችም በእሱ ስም ይጠሯቸዋል።

ቆረቆር የያዘው ፀጉር ግን «ተሰባበረ» ቢባል ይሻላል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ያደክመዋል፤ ከቆዳው ልክ ሲሰበር ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። ቆዳው ይሻክራል፣ አመድማ ቅርፊት ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ያሳክካል። ማጅራት ላይ ንፍፊት ሊወጣ ይችላል። ሲብስ አብጦ መግል ይቋጥራል፣ ያኔ ጠባሳ ትቶ ፀጉሩ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

እንደ ነገሩኝ ከሆነ የልጅዎ ወደ ላሽ ያደላል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ቀብተውታል? ቅባት ቅርፊቱን ይደብቀዋል፣ ሻካራውን ቆዳ ለስላሳ ያስመስለዋል። ጭንቅላቱን አጥበው ለጥቂት ቀን ሳይቀቡ እንደገና ይዩት። ቅርፊቱ እምብዛም የማይታይ ቆረቆርም ስላለ፣ በልጅ ላይ ሲሆን ሐኪሙ ቆዳውን ፋቅ አድርጎ ከተሰበሩት ፀጉሮች ጋር በማይክሮስኮፕ ቢያየው ነው የሚያስተማምነው።

ስሙ ሲሳሳት መድኃኒቱም ይሳሳታል። ለላሽ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ቅባት ፈንገስ ላይ ቢያርፍ መቅላቱን ለጊዜው አብርዶ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ቆረቆር ደግሞ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ቅባቱ ፀጉሩ ውስጥ አይደርስም፣ ስለዚህ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣል። ማበጠሪያና ኮፍያ መለየት፣ የወንድም የእህቱን ጭንቅላት ማየትም የቆረቆር ጣጣ ነው። ላሽ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ልጁን ከማንም መለየት አያስፈልግም፣ ለአስተማሪውም «ላሽ ነው፣ አይጋባም» ብለው ይንገሩልኝ።