መዶሻው መቼ ይጀምራል? ስልኩንስ ማን ያነሳል?

«ከቤታችን አጠገብ ፎቅ ሊሠራ ነው። አጥሩ ላይ "የሥራ ሰዓት ከ8:00 እስከ 5:00" ብለው ለጥፈዋል። ከሰዓት በኋላ መስሎን ነበር፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቤቱ ተናወጠ።» (ከማራኪ፣ ጎንደር)

በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፉት። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብለው በእኛ ሰዓት እንዲያስተካክሉት ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

«ጀማሪ ሳይት መሃንዲስ ነኝ። ወደ አዘዞ መሄጃ ላይ፣ ዋልካ መሬት ላይ 24 ፓይል በመዶሻ ልንመታ ነው። አለቃዬ "ማስታወቂያ ለጥፍና ጀምር" ብሎኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጀማሪ ብትሆንም ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። አብዛኛው የሚለጠፍ ወረቀት «ለሚደርሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይልና ያበቃል። ያንን ያነበበ ጎረቤት መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ቤቱ ቢንቀጠቀጥ ለማን እንደሚደውል አላወቀም።

መጀመሪያ ማስታወቂያው ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። ፓይል፣ ማለትም ሕንፃው የሚቆምበት ምሰሶ፣ ወደ መሬት ሲመታ የሚመጣው ንዝረት የሚለካው መሬቱ በሰከንድ ስንት ሚሊሜትር እየፈጠነ እንደሚርገበገብ ነው። ቤቱ የተቀመጠ ሰው በሰከንድ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ይሰማዋል። 1 ሚሊሜትር ሲደርስ አቤቱታ ይመጣል። የጀርመኖች መመሪያ ግን ለተራ መኖሪያ ቤት በጥብቁ ሁኔታ የሚያስቀምጠው ወሰን 5 ሚሊሜትር ነው፤ በቀላሉ ለሚጎዱ የቅርስ ሕንፃዎች ደግሞ 3። ስለዚህ ሰው «ቤቴ ሊፈርስ ነው» ብሎ የሚደነግጠው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ከሚጎዳበት መጠን በታች ነው። ድንጋጤው ግን የእውነት ነው። ቢኤስ 5228 የሚባለው የእንግሊዞች የግንባታ ድምፅና ንዝረት መመሪያ ስለዚያች 1 ሚሊሜትር ሲናገር፣ አቤቱታ ማስነሳቷ እንደማይቀር፣ ነዋሪው አስቀድሞ ከተነገረውና ከተብራራለት ግን ሊታገሳት እንደሚችል ይገልጻል። ንዝረቱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አስቀድሞ መንገሩ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ሰው አታታልል። መዶሻ ከ15 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 94፣ 60 ሜትር ላይ 88 አካባቢ ይሆናል። የሀገራችን ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። አጥር ላይ ቆርቆሮ በመደርደር እዚያ አትደርስም። የምትችለው ሰዓቱን ማሳጠር፣ የሚጮኸውን ሰዓት ለይቶ መናገርና የተናገሩትን መጠበቅ ነው።

አሁን ያንተን ሥራ እንቁጠረው። አንድ ፓይል ለመምታት 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በቀን ሦስት ከመታህ መዶሻው የሚጮኸው 2 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ክሬን ማዞርና ፓይል ማቆም ነው። ጎረቤት ግን ይህን ካልነገርከው ቀኑን ሙሉ ቀጣዩን ምት እየጠበቀ ይውላል። 24 ፓይል በቀን ሦስት ሲሆን 8 የሥራ ቀን ነው። ኅዳር 8 ሰኞ ብትጀምር እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ድረስ 12ቱን ትጨርሳለህ። ዓርብ ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ ጎንደር ላይ በዚያ ቀን መዶሻ አታንሳ። ቅዳሜና እሑድን እለፍ። ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀሪዎቹን 12 ትመታለህ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የቅዳሴው ሰዓት ከአዘቦቱ ይለያል። የአቅራቢያውን ደብር አስተዳዳሪ ሄደህ ጠይቅ። መስጊድም ካለ የዓርብ ሶላት ሰዓትን እንዲሁ። ድንጋይ ቢገጥምህ ወይም መዶሻው ቢበላሽ ዓርብ ኅዳር 19ን መጠባበቂያ አድርገህ አሁኑኑ ጻፈው።

ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን፦ ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 ለሕንፃው መሠረት 24 ፓይል በመዶሻ እንመታለን። መዶሻው የሚሠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል እና ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ድምፁ እየተቋረጠ በድምሩ 2 ሰዓት ገደማ ይሰማል። ዓርብ ኅዳር 12፣ ቅዳሜና እሑድ አይመታም። ሥራው ከተጓተተ ዓርብ ኅዳር 19ን እንጨምራለን፤ ይህንንም ከአንድ ቀን በፊት እናሳውቃለን። ቤታችሁ ሲንቀጠቀጥ ሊሰማችሁ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የግድግዳችሁን ሁኔታ መጥተን አብረናችሁ ፎቶ እናነሳለን። የታመመ፣ አራስ ወይም ለቅሶ ያለበት ቤት ካለ ንገሩን። ቅሬታ ካላችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ፤ የሚያነሳው የሳይቱ መሃንዲስ ሲሆን መዶሻውን የማስቆም ሥልጣን አለው።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ካልፈጸምካት አትጻፋት። ሥራ ቦታ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ይኸው ነው። ስልኩ የዘበኛው ይሆናል፣ ወይ አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ይሆናል፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ስልኩ መዶሻው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ ክፍት ይሁን። አንተ ስትወጣ ለፎርማኑ አስረክበው። ከጎኑ አንድ ደብተር አስቀምጥ። ማን ደወለ፣ ከየትኛው ቤት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ተሰማው፣ በዚያ ሰዓት ስንተኛው ፓይል እየተመታ ነበር፣ ምን መለስክ። አምስት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ አቅጣጫ ከደወለ፣ መዶሻው የሚወድቅበትን ከፍታ ቀንስና ሄደህ ቤቶቹን እይ። ያ ደብተር ነገ ክርክር ቢመጣ አንተንም ያድንሃል።

ወረቀቱን አጥር ላይ ብቻ አትለጥፍ። ሥራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤት ለቤት ዙር፤ ቢያንስ 100 ሜትር ዙሪያውን። ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች አሉ፤ በቃል ንገራቸው። ለእድሩ ዳኛ አንድ ቅጂ ስጥ፤ ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል።

«የአባቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። መዶሻው ከጀመረ ወዲህ ከመስኮቱ ጥግ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ኮንትራክተሩ "ድሮም ነበረ" ይላል። ምን ላድርግ?»

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ከመስኮትና ከበር ጥግ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ያለ ምንም መዶሻ ይመጣል። ለዚህ ነው ከሥራው በፊት ፎቶ መነሳት ያለበት። ያ ካመለጠ ግን ዛሬ የሚሠራ ነገር አለ። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ አጭር መስመር አስምር፤ ቀኑን ጻፍበት። በስፋቱ ላይ ጂፕሰም በጥብጠህ እንደ ትንሽ ድልድይ ለጥፍ፤ በላዩም ላይ ቀኑን ጻፍ። አጠገቡ ማስመሪያ ይዘህ ፎቶ አንሳ። ጂፕሰሙ መዶሻው በሚመታበት ቀን ከተሰነጠቀ ወይም ስንጥቁ ከእርሳሱ መስመር ካለፈ፣ ጠርጥር። እሑድ ምንም ሳይመታ ከሰፋ ደግሞ መሬቱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግን ማስረጃ መያዣ ነው፤ ቤቱ ደህና መሆኑን አይነግርህም። የጭቃና በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ከላይ የጠቀስኳቸው ወሰኖች የታሰቡለት ዓይነት ቤት አይደለም። ስለዚህ የመዋቅር መሃንዲስ መጥቶ ማየት አለበት፤ የግድ። ወጪውን ኮንትራክተሩ እንዲሸፍን በጽሑፍ ጠይቁ። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ካዘነበለ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ መሃንዲስ አትጠብቁ። አባትህን ዛሬ ማታ ሌላ ቤት አሳድሯቸው፤ መዶሻውም እንዲቆም ደውሉ።

«የአራት ወር ልጅ አለችኝ። ጆሮዋን ይጎዳት ይሆን?»

በርና መስኮት ዘግተሽ፣ ከሳይቱ በራቀው ክፍል ካስቀመጥሻት ይህን ያህል አያሰጋም። አዝለሻት አጥሩ ሥር አትቁሚ። ከጨነቀሽ ሐኪሟን ጠይቂ።

«እኛ ጋ "በቁፋሮ ነው የምንሠራው፣ አይጮኽም" ብለውን ነበር። ግን እስከ ማታ 4 ሰዓት ሚክሰር ሲዞር ያመሻል። ዋሽተውናል?»

ቁፋሮ ከመዶሻ በብዙ ይሻላል፤ እሱ እውነት ነው። የማታው ነገር ከኮንክሪቱ ይመጣል። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ኮንክሪቱ ከታች ወደ ላይ በቧንቧ ይሞላል። የቧንቧው ጫፍ ምንጊዜም ኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብሮ መቆየት አለበት። መሀል ላይ ከተቋረጠ የታችኛው ይደርቃል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ ፓይሉ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ያህል ይሆናል። ስለዚህ የተጀመረን ሙሌት አቁሙ አትበሏቸው። ልትጠይቋቸው የሚገባው አጀማመራቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ሙሌት የሚጀምር ሰው እንደሚያመሽ ያውቃል። «ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አዲስ ሙሌት አይጀመርም፤ የሚያመሽ ከሆነ በዚያው ቀን ጠዋት ይነገራል» የሚል መስመር ማስታወቂያው ላይ ይጨመር። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ በሕጉ መለኪያ ሌሊት ነው።

«ደጋግመን ደወልን፤ የሚያነሳ የለም። ቀበሌ ሄድን፤ "ልማት ነው፣ ቻሉት" አሉን። አሁን የት እንሂድ?»

ልማት መሆኑ የጎረቤትን መብት አይሰርዝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጣችሁ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ቀኑ ስለሚቆጠር ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ። የደወላችሁበትን ሰዓት ዘርዝራችሁ አያይዙ። ጎን ለጎን ለከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ክፍል ስጡ፤ ሥራ የማስቆም አቅም ያለው እሱ ነው። ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጠበቃ አማክሩ፤ ቀን ቆጠራው ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው።

«ሰፈራችን ለቅሶ አለ፤ ድንኳን ተጥሏል። መዶሻው ለአንድ ቀን እንዲቆም መጠየቅ ነውር ነው?»

በፍጹም። ከእድሩ አንድ ሰው ልካችሁ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ንገሯቸው። መዶሻው ሲቆም ሠራተኛው ሥራ አይፈታም፤ ብረት ማሰርና ፓይል ማጓጓዝ ይችላል።