ሲዱን እንደ ጽሑፍ አስቀምጪው

«ፒያሳ የቆዳ ቦርሳ እንሸጣለን። በኮምፊዩአይ የወጣልኝን ምርጥ ፎቶ ፕሮምፕትና ሲድ ኤክሴል ላይ ብመዘግብም ያው ፎቶ አልደገም አለኝ። ለምን?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሲዱን እዪው። 16 አሃዝ ሆኖ መጨረሻው ዜሮ ነው? ኤክሴል ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይቀይራል። የኮምፊዩአይ ሲድ ደግሞ አንዳንዴ 16 አሃዝ ይሆናል። 1048291560773926 ብለሽ የለጠፍሽው 1048291560773920 ሆኖ ይቀመጣል። ይሄ ሌላ ሲድ ነው፣ የሚወጣውም ሌላ ቦርሳ።

ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት ዓምዱን Text አድርጊው። በኋላ ብትቀይሪው የጠፋው አሃዝ አይመለስም። ዋናው PNG ካለሽ አትጨነቂ፤ ጎትተሽ ኮምፊዩአይ ላይ ጣይው፣ ሲዱ አብሮት ይመጣል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከው ግን አይሆንም፣ መረጃው ተራግፎለታል።

የሞዴሉን ፋይል ሙሉ ስም፣ ሳምፕለሩን፣ ስቴፑንና የምስሉን መጠንም ለየብቻ ጻፊ። ከዚያ ከሰንጠረዡ ብቻ ኮፒ አድርገሽ፣ በዚያው ቀን አንዴ ደግመሽ አውጪው።