ከጾም በፊት የወጣ የማስታወቂያ ገንዘብ

የመንዝ ባና በስልክ እያስተዋወቀች የምትሸጥ አንዲት ልጅ ከመሐል ሜዳ ጻፈችልኝ፤ «ለማስታወቂያ ያወጣሁትን በስንት ወር ብመልስ ደህና ነው?» ትላለች። ጥያቄዋ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወተት በየቤቱ አደርስ ወደነበረበት ጊዜ መለሰኝ።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የገና ጾም እንደተፈታ፣ ለማስታወቂያና ለቅምሻ በነጻ ለማድለው ወተት 44,000 ብር አወጣሁ። መቶ ቤት ደንበኛ ሆነልኝ፤ አንዱን ቤት ያመጣሁት በ440 ብር ነው ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ አንድ ቤት በወር 22 ሊትር ያህል ይወስዳል፤ ሊትሩን የምሸጠው 20 ብር ነበር። በወር 440 ብር። በአንድ ወር መለስኩት ብዬ ተደሰትኩ።

የቆጠርኩት ግን ሽያጩን እንጂ ትርፉን አልነበረም። ከሃያው ብር አሥራ አምስቱ ለገበሬው፣ ለማመላለሻና ለሚበላሸው ወተት ይሄዳል። ከአንድ ቤት በወር የሚተርፈኝ 110 ብር ብቻ ስለነበር፣ ገንዘቤ የሚመለሰው በአራት ወር ነው። ሁለቱ ወር አልፎ ገና ግማሹን እንደመለስኩ ዐቢይ ጾም ገባ። ሃምሳ አምስት ቀን ወተት የሚፈልግ ቤት ጠፋ፤ የላሟ ጡት ግን አይጾምም።

ለገበሬዎች የምከፍለው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነበር። አንዲት እናት ጠዋት በብርድ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሁለት ጄሪካን ወተት በአህያ ጭነው ይመጡ ነበር። «እማማ፣ ከፋሲካ በኋላ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም፤ ባዶውን ጄሪካን አስረው ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ወተታቸውን ለሌላ ነጋዴ መስጠት ጀመሩ። ገንዘባቸውን ከፍያለሁ፤ ሆኖም ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለማስታወቂያ ያፈሰስኩት የእርሳቸውን ወተት ዋጋ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ከመቶው ቤት የተመለሰው ስድሳው ነው። የቀረውን 22,000 ብር ከስድሳው ቤት እየለቀምኩ ለመመለስ፣ የሰኔ ጾምም መሐል ስለገባ፣ ከሦስት ወር በላይ ፈጀብኝ። አራት የተባለው ወር ከሰባት አለፈ። ያንኑ ማስታወቂያ የፋሲካ ማግስት ባወጣው ኖሮ፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም፣ በእነዚያ ቀናት ብቻ ከአንድ ቤት 250 ብር አገኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች «ደንበኛው ዓመት ይቆያል፣ እጠብቃለሁ» ትላላችሁ። ትዕግሥታችሁን እወደዋለሁ፤ ግን የምትጠብቁት በማን ገንዘብ ነው? የመጠበቂያውን ጊዜ የሚወስነው የደንበኛው ዕድሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ዕዳ የሚከፈልበት ቀንና ገበያው የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። በታኅሣሥ ይህን ባውቅ ኖሮ ለአንድ ቤት ከ220 ብር በላይ አላወጣም ነበር።

ልጄ፣ ባና የገዛ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ባና አይገዛም። ስለዚህ ወር አትቁጠሪ። የሸማኔው፣ የሱፉና የማድረሻው ተቀንሶ ከአንድ ባና የሚተርፍሽን ያዢ፤ ገዢውን ለማምጣት ያወጣሽው ከዚያ ከበለጠ፣ ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አቁሚው።