የአባቴ የማስታወስ ምርመራ ውጤት

«ቡሬ የሚኖሩት አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ሪፖርቱ ‹ከ30 ደቂቃ በኋላ ከ15 ቃላት 2 አስታወሱ፣ ሲጠየቁ 14 ለዩ፣ ቁጥርና ፊደል ማፈራረቅ አልጨረሱም› ይላል። የመርሳት በሽታ ጀመራቸው ማለት ነው?»

እህቴ፣ 2 እና 14ቱን ለየብቻ አታንብቢያቸው። አባባ ቃላቱን ራሳቸው ማውጣት አቃታቸው፤ «ይህ ቃል ነበረ?» ሲባሉ ግን ለዩት። ስለዚህ ቃላቱ ገብተዋል፣ የከበዳቸው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። ዋናው የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር ግን ብዙውን ጊዜ ቃሉ መጀመሪያውኑ አይቀመጥም፤ ሲጠየቁም አይለዩትም።

አንድ ነገር ግን እዪ። ባልተነበቡላቸው ቃላት ላይ ስንቴ «አዎ» አሉ? ለሁሉም «አዎ» ካሉ 14ቱ ዋጋ የለውም። ይህ ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ከሌለ ባለሙያውን ጠይቂ።

ማፈራረቁ የአእምሮን የማቀድና የመቀያየር አቅም ይለካል። ግን ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነበር? የቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ቆጥረው በእርሻ ለኖሩ ሰው እሱ የትምህርት ፈተና ነው። ንጽጽሩም ከተማሩ የውጭ አገር ሰዎች ጋር ከሆነ ውጤቱ ያለ ጥፋታቸው ይወርዳል። እኔ ይህን ነጥብ ብቻውን አላምነውም።

እንዲህ ያለው የማውጣት ችግር ከደም ግፊት ወይም ከስኳር የተነሳ የአንጎል ትንንሽ ደም ስሮች ሲጎዱ፣ በድብርትም ይመጣል። ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቢ12 ይታዩ። ለሐኪሙ ገበያ ላይ የጤፍ ሒሳብ ይሳሳቱ እንደሆነም ንገሪው፤ የዕለት ኑሮ ካልተናጋ የመርሳት በሽታ፣ ማለትም ዲሜንሺያ፣ አይባልም። ከ1 ዓመት በኋላ ምርመራው ይደገም።